የእትዬ ደረሰኝ ስምንት ሺህ

እትዬ ደረሰኝ መጠሪያ ስሟ አይደለም። እውነተኛ ስሟን የደመወዝ መዝገቡና ባሏ ብቻ ናቸው የሚያውቁት ብል ብዙም አልዋሸሁ። ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ሾፌሮቹ ድረስ ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጠራት። ማንም ገንዘብ ሊጠይቅ በሯን ሲያንኳኳ ከአፏ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ደረሰኝ?» ነው። እንዴት አደርክ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ በዚያ የአውቶቡስ ድርጅት ቅርንጫፍ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ክፍላችን አንድ ነው፤ እኔ በመስኮቱ በኩል ለተሳፋሪ ትኬት እሸጣለሁ፣ እሷ ከጀርባዬ በጋራዡ በር በኩል ትቀመጣለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ሠርተናል። ስለዚህ የምነግራችሁን አብዛኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ ራሷ ነግራኛለች። እሷ እንደሆነች ሳትጨምር ሳትቀንስ ነው የምታወራው።

ጠረጴዛዋ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ቀለሙ የተላጠ የብረት ሳጥን አለ። ቁልፉን ከእሷ በቀር ማንም አይይዘውም። ድርጅቱ ለጥቃቅን ወጪ ብሎ እዚያ ሳጥን ውስጥ ስምንት ሺህ ብር አስቀምጧል። ሃያ ሁለት አውቶቡስ ያለበት ጋራዥ በየቀኑ ትንንሽ ነገር ይፈልጋል፤ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ጎማ ይተነፍሳል፣ ብሎን ይጠፋል፣ ዕቃ ለማምጣት ታክሲ ይያዛል። ለአንድ ፊውዝ ከዋናው መሥሪያ ቤት ቼክ እስኪመጣ ቢጠበቅ ተሳፋሪው መንገድ ላይ ማደሩ ነው። ስለዚህ ከስድስት መቶ ብር የማይበልጥ ወጪ ሁሉ ከሳጥኑ ይከፈላል።

አከፋፈሉ ግን እንዲህ በዋዛ አይደለም። ተራ ቁጥር የታተመበት ማዘዣ ይሞላል። ማን ጠየቀ፣ ለምን፣ ለየትኛው አውቶቡስ፣ ስንት ብር፣ ሁሉም ይጻፋል። ዋናው መካኒክ ጋሼ ብሎን አይተው ይፈርማሉ። ገንዘቡን የወሰደው ይፈርማል። ደረሰኙ ከማዘዣው ጀርባ ይሰፋል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጥሬ ገንዘብ ወደ ሁለት ሺህ ሲወርድ እትዬ ደረሰኝ ማዘዣዎቹን ታሰባስባለች፤ ለጎማ ይህን ያህል፣ ለመለዋወጫ ይህን ያህል፣ ለመጓጓዣ ይህን ያህል ብላ በየፈርጁ ትደምራለች፤ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ የመተኪያ ጥያቄው ላይ ይፈርማል፤ ወረቀቱ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። እዚያ አንድ በአንድ ይመረመርና ያው ወረቀት ተመልሶ ሁለተኛ እንዳይከፈልበት «ተከፍሏል» የሚል ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ ልክ የወጣውን ያህል፣ ሳንቲም ሳይበልጥ ሳይጎድል፣ ቼክ ይመጣል። ሳጥኑም ወደ ስምንት ሺው ይመለሳል።

አንድ ቀን አንድ ሾፌር ተናዶ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ሞቼ ብመጣ እንኳ ደረሰኝ ትጠይቂኛለሽ!» አላት።

«ሞተህ ከመጣህ የመቃብር ቆፋሪውን ደረሰኝ ይዘህ ና። ከስድስት መቶ ከበለጠ ግን በቼክ ነው» አለችው። ቀና ብላም አላየችው።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ረጅም ነው፤ ልብሱ ላይ አንዲት መጨማደድ አይገኝም፤ ጋራዡ ውስጥ ሲሄድ ጫማው ዘይት እንዳይነካ እንደ ዳንሰኛ እየዘለለ ነው። ሲናገር ድምፁ ለስላሳ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም ወደድነው።

በገባ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ክፍላችን መጣና ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሁለት ሺህ ብር ስጪኝ። እንግዳ ስላለብኝ ነው። ደረሰኙን ከሰዓት አመጣልሻለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ» አለች፤ «ከስድስት መቶ በላይ ከዚህ ሳጥን አይወጣም። የእንግዳ ወጪ ደግሞ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚጠየቀው።»

«እኔ እኮ የቅርንጫፉ ኃላፊ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው በትሕትና የምነግርዎት።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ እውነቱን ለመናገር ፈርቼ። እሷ አልሳቀችም። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና ሄደ። በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ «እትዬ፣ ምነው ትንሽ ብታለሳልሽው?» አልኳት።

«ምኑን ነው የማለሳልሰው? ስድስት መቶን አለሳልሼ ሁለት ሺህ ላድርገው?»

ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ያህል ወደ ክፍላችን ዝር አላለም። በአሥራ አንደኛው ቀን ሦስት ደረሰኝ ይዞ መጣ። እያንዳንዱ አምስት መቶ ዘጠና ብር ነው። ለአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ የወንበር ጨርቅ መግዣ ይላል። «ከኪሴ ከፍዬ ነው የገዛሁት፤ ተኪልኝ» አለ። ሦስት ማዘዣ በራሱ እጅ ጽፎ ጨርሷል። የጋሼ ብሎን ፊርማ የለበትም።

እትዬ ደረሰኝ ሦስቱን ወረቀቶች እንደ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። መነጽሯን አደረገች። ሱቁ አንድ ነው፤ ቀኑ አንድ ነው፤ የደረሰኞቹ ቁጥር 411፣ 412፣ 413 ነው።

«አንድ ግዢ ነው» አለች።

«ሦስት ነው።»

«በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ ለአንድ አውቶቡስ፣ በተከታታይ ቁጥር? ጌታዬ፣ ይኼ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ብር ነው። ሦስት ቦታ ስለተቆረጠ ስድስት መቶ አይሆንም።»

«ክፈይ ብያለሁ።»

«ጨርቁን ልየው።»

ይህን ብላ ተነሣች። አሥራ አራት ቁጥር ጋራዡ ጥግ ቆሞ ነበር። እሱ በሩ ላይ ቆሞ እያየ፣ እሷ ቀስ ብላ ደረጃውን ወጣች፣ በወንበሮቹ መሐል እስከ መጨረሻው ሄደች፣ ተመለሰች። እኔም ትኬት ጠያቂ እስኪመጣ ድረስ በጋራዡ በር በኩል አንገቴን አውጥቼ እያየሁ ነበር። የአሥራ አራት ቁጥርን ወንበሮች የማያውቅ የለም። ስፖንጁ እንደ አንጀት ተዘርግፎ ነው የሚታየው። እንደተዘረገፈ ነበር።

ተመለሰችና ደረሰኞቹን ሰብስባ ሰጠችው። «አልከፍልም» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። እሱ ወረቀቶቹን ነጥቋት ወጣ። ከዚያ ከመዝገቧ መጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑን፣ የሱቁን ስም፣ ሦስቱን ቁጥሮችና ሒሳቡን ጻፈች። ከጎኑ «ያልተከፈለ» ብላ አከለች።

«ካልከፈልሽው ለምን ትጽፊዋለሽ?» አልኳት።

«የከለከልኩትም ሥራዬ ነው።»

ጦርነቱ የተጀመረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

በዚያው ሳምንት የሳጥኑ ጥሬ ገንዘብ ወደ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ ስድስት ብር ወረደ። ሃያ ሦስት ማዘዣ ነበራት፤ ድምሩ ስድስት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ አራት ብር። የመተኪያ ጥያቄዋን አዘጋጅታ፣ ማዘዣዎቹን በክር ጠርዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ።

«ጠረጴዛው ላይ ተይው። ጊዜ ሳገኝ አየዋለሁ።»

«መልካም። እንግዲያው መረከብዎን እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

«ምን?»

«ሃያ ሦስት ማዘዣ ከነደረሰኙ ተረክቤአለሁ ብለው።»

«እኔ ወረቀት ሰርቄ ልሸጥ ነው?»

«ይኼ ለእርስዎ ወረቀት ነው፤ ለእኔ ስድስት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ አራት ብር ነው። ብር ያለ ፊርማ ማንም ጠረጴዛ ላይ አልተውም፤ ይኼንንም አልተውም።»

«እንግዲያው ይዘሽው ውጪ!»

ይዛው ወጣች። መተኪያው ሳይፈረም ቀረ። በማግስቱ ሄደች፤ «ሥራ ላይ ነኝ» አላት። በሳልስቱ ሄደች፤ «ስብሰባ አለብኝ» አላት። በሄደች ቁጥር ቀኑንና የተሰጣትን መልስ ትመዘግባለች። ሰውየው የያዘው ዘዴ ገብቷታል። ገንዘቡ ካልተተካ ሳጥኑ ይደርቃል፤ ሳጥኑ ሲደርቅ ጋራዡ ይቆማል፤ ጋራዡ ሲቆም ጣት የሚቀሰረው ወደ እሷ ነው። ያኔ ወይ ትለምነዋለች፣ ወይ ከኪሷ ታወጣለች፣ ወይ ትሳሳታለች።

እሷ ደግሞ የቀረችውን አንድ ሺህ ስምንት መቶ እንደ ውኃ ትቆጥብ ጀመር። ጋሼ ብሎንን ጠርታ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አውቶቡስ የሚያቆም ነገር ብቻ ነው የምከፍለው። የመስተዋት መወልወያውና የሳሙናው ነገር ይቆይ» አለቻቸው። ጋሼ ብሎን ራሳቸውን አከኩና እሺ አሉ።

ሰው ግን ማጉረምረሙ አልቀረም። መካኒኮቹ እጃቸውን የሚታጠቡበት ሳሙና አጥተው በአሸዋ ያሹ ጀመር። አንዱ በአጠገቧ ሲያልፍ፣ «እትዬ፣ ለአሸዋውም ደረሰኝ አምጡ ትይ ይሆን?» ብሎ ጓደኞቹን አሳቃቸው።

አንድ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ መስኮት መጣ። እሷ ጋራዡ ውስጥ ነበረች። ለስላሳ ድምፁን አውጥቶ፣ «ችግሩን እናቃልለው። ከትኬት ሽያጩ ሦስት ሺህ ብር ለጥቃቅን ወጪው አበድር፤ መተኪያው ሲመጣ ትመልሳለች» አለኝ። እኔ፣ አልዋሻችሁም፣ መሳቢያዬን ልከፍት እጄን ሰድጄ ነበር። ደግ ሐሳብ መሰለኝ። ከጀርባዬ ድምፅዋን ሰማሁ።

«እጅህን አውጣ።»

አወጣሁ።

«የትኬት ገንዘብ የሚሄደው ባንክ ነው፤ በዕለቱ የተሸጠው በሙሉ። እዚህ ሳጥን ውስጥ አንድ ብር ከገባ የአንተም ሒሳብ ይበላሻል፣ የእኔም ይበላሻል፣ ማን ምን እንደወሰደም የሚያውቅ አይኖርም» አለች። ይህን የምትናገረው ለእኔ ነው፤ የምታየው ግን እሱን ነው። «ወይስ የተፈለገው እሱ ነው?»

ሰውየው ፊቱ ቀላ። ጀርባውን ሰጥቶን ሄደ። እኔ መሳቢያዬን ቆለፍኩ።

ወሬው የተነዛው ከዚህ በኋላ ነው። መነሻው ማን እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያሻም። «ስምንት ሺህ ብር ተሰጥቷታል፤ አሁን ሳጥኑ ውስጥ ሦስት መቶ እንኳ የለም። ልጇ ኮሌጅ ገብታለች አይደል? ክፍያው ከየት መጣ?» ተባለ። ያ «ሞቼ ብመጣ» ያላት ሾፌር ሳይቀር አንድ ጠዋት ፊቷ ቆሞ፣ «ብሩ የት ገባ ይባላል፣ እትዬ። እኔ አላመንኩም፤ ግን ይባላል» አላት።

አልተቆጣችም። ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ሳጥኑን ከፍታ ጥሬ ገንዘቡን ቆጠረችለት። ከዚያ ማዘዣዎቹን ሰጠችውና፣ «ደምር» አለችው። በስልኩ እየደመረ ሲሄድ ድንገት ቆም አለ።

«ይቺ እኮ የእኔ ናት! ያን ቀን መንገድ ላይ ጎማ የተነፈሰብኝ ጊዜ!»

«አዎ። ፊርማህም እዚያው አለ። ያን ቀን ከሳጥኑ መቶ ሃያ ብር ወጣ፤ በምትኩ መቶ ሃያ ብር የምታወጣ ወረቀት ገባች። ብሩ ሲቀንስ ወረቀቱ ይጨምራል። ሁለቱን ስትደምራቸው ምን ጊዜም ስምንት ሺህ ነው። ዛሬም፣ ነገም፣ ማንም በማንኛውም ሰዓት ቢመጣ።»

ደመረ። ስምንት ሺህ መጣ። እንደገና ደመረ። ከዚያ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ፤ የዚያን ቀን መኪና ማቆሚያው ጋ ጮክ ብሎ ሲከራከርላት ሰማሁት።

ቤት ግን እንደዚህ ቀላል አልነበረም። ባሏ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ወገቡን ያመዋል፤ የቤቱ እንጀራ በእሷ ደመወዝ ላይ ነው። ራት ላይ፣ ልጅቱ ባለችበት፣ «ክፈይለትና ይለፍ በቃ። አንድ ሺህ ሰባት መቶ ብር እኮ ነው። የአንቺ ብር አይደለ» አላት።

«የእኔ ብር ቢሆንማ እሰጠው ነበር።»

«ሥራሽን ብታጪ ይቺ ልጅ ምን ትሆናለች?»

ልጅቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ በእኔ አታሳብብ» አለች። «እማዬ ሌባ ናት እያሉ ኮሌጅ ከምሄድ ባልሄድ ይሻለኛል።»

 ባልየው፣ «በእናትሽ ወጣሽ» አለ። ቁጣ ይሁን ኩራት መለየት አልቻልኩም ብላኛለች።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ደረሰኝ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈች። ለዋናው መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ነው፤ ግልባጭ ለሥራ አስኪያጁ። እኔ አንብቤዋለሁ። ማልቀስ የለበትም፣ ክስም የለበትም። «በእጄ ያለው የጥቃቅን ወጪ ገንዘብ ሳይነገረኝ በድንገት እንዲቆጠርልኝ እጠይቃለሁ። የመተኪያ ጥያቄ ባቀረብኩ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ አልተፈረመልኝም። ፊርማ የጠየቅሁባቸው ቀኖችና የተሰጠኝ መልስ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ክፍያ የከለከልኩባቸው የሦስት ደረሰኞች ቁጥርም ተያይዟል» ይላል።

ሥራ አስኪያጁ ግልባጩን እንዳነበበ እየሮጠ መጣ። ጫማው የዘይት ኩሬ ውስጥ ሲገባ እንኳ ልብ አላለም።

«ራስሽን ነው የከሰስሽው፣ ታውቂያለሽ? አንድ ብር ብትጎድል እዚህ ቤት አትውዪም!»

«ይቁጠሩኝ» አለች። «ጋራዡ ሁሉ ባለበት ይቁጠሩኝ።»

ቆጣሪዋ የመጣችው በአራተኛው ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማንም ሳይጠብቃት ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የውስጥ ኦዲተር ናት፤ አጠር ያለች፣ ፈገግታ የማታባክን። እትዬ ደረሰኝ ያን ጠዋት ገና ገብታ ለጎሚስታው መቶ ስድሳ ብር ከፍላ መሳቢያዋን መቆለፏ ነበር።

«ሳጥኑን ይክፈቱልኝ። እስክጨርስ ማንም አይነካውም» አለች ኦዲተሯ።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። ጋሼ ብሎን መጡ። መካኒኮቹ በሩ ላይ ተኮለኮሉ። እኔ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ተሳፋሪ ቢያንኳኳም አልከፈትኩም። ኦዲተሯ፣ እትዬ ደረሰኝ ፊት ለፊት ቆማ እያየቻት፣ ኖቶቹንና ሳንቲሞቹን በየዓይነታቸው ቆጠረች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ብር ከሃምሳ ሳንቲም። ከዚያ ማዘዣዎቹን ቆጠረች፤ ሠላሳ አንድ። የተራ ቁጥራቸው እንዳልተዘለለ አየች። ፊርማና ደረሰኝ እንዳላቸው አየች። ደመረች። ሰባት ሺህ ሰባት መቶ አርባ ሰባት ብር ከሃምሳ።

ሁለቱን ደመረች።

«ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ» አለች። «አርባ ብር ይጎድላል።»

 እኔ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እትዬ ደረሰኝ ራሷ ፊቷ ነጣ። ትናንት ማታ ከመውጣቷ በፊት ቆጥራ ልክ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ያወጣችው አንድ ክፍያ ነው፤ ጎሚስታው። ሁለት መቶ ሰጥታ መልስ ሳትቀበል ቀርታ ይሆን? ቸኩላ ሁለት ኖት ተጣብቆባት ይሆን?

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። «እንግዲህ» አለ፤ «አየሽ።»

ጋሼ ብሎን ከአጠገቧ ነበር የቆሙት። እኚህ ሰው ክፉ አያውቁም። በግራሶ የጠቆረ እጃቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ ሁለት ሃያ ብር ይዘው ነበር፤ ከጠረጴዛው ሥር ቀስ ብለው ወደ እጇ አስጠጉላት። «ወድቆ ነው በይ» አሉ በሹክሹክታ።

እትዬ ደረሰኝ እጃቸውን ያዘች። ከጠረጴዛው በላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ ብሩን መልሳ አስጨበጠቻቸው።

«ይመልሱት፣ ጋሼ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይኼን ካስገባሁ ሳጥኑ ልክ ይመስላል እንጂ ልክ አይሆንም። ያኔ እኔም እንደ ሌላው ነኝ።» ወደ ኦዲተሯ ዞረች። «አርባ ብር ጎድሏል። ይጻፉት። የት እንደገባ አላውቅም። እፈርማለሁ።»

«ጎድሏል ብለው እንደሚፈርሙ ልብ ብለዋል?»

«ብያለሁ። ሥራዬ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ እውነቱን መናገር ነው። እውነቱ ይኸው ነው። አሁን ደግሞ እርስዎ ይንገሩኝ» አለቻት፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ሲል ሰማሁት፤ «እኔ አርባ ብር ተቆጥሮብኛል፤ እሺ። አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሰባውንስ የሚቆጥረው ማነው?»

 ሥራ አስኪያጁ፣ «ጥፋቷን ለመሸፈን ነው!» አለ፤ ቃሉ ግን እንደ ወትሮው አልለሰለሰለትም።

 ኦዲተሯ የቆጠራውን ወረቀት ጻፈች፤ እሷም እትዬ ደረሰኝም ፈረሙ። ከዚያ የመዝገቡን መጨረሻ ገጽ ገልጣ ሦስቱን ቁጥሮች በማስታወሻዋ ላይ አሰፈረች። «ሱቁ ሩቅ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«በእግር አሥር ደቂቃ።»

«አንድ ሰው ያሳየኝ።»

እኔ አሳየኋት። ባለሱቁ መጀመሪያ አላስታውስም አለ። ኦዲተሯ በትሕትና የደረሰኝ ጥራዙን እንዲያወጣ ጠየቀችው። በጥራዙ ላይ የሚቀረው ቅጂ እዚያው ነበር፤ 411፣ 412፣ 413። ቅጂዎቹ ላይ አምስት መቶ ዘጠና፣ አምስት መቶ ዘጠና፣ አምስት መቶ ዘጠና ተጽፏል። ከፊታቸውና ከኋላቸው ያሉት ደረሰኞች ግን የተሸጠ ዕቃ ልክና ዓይነት አላቸው፤ ሦስቱ ላይ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሆነ እንኳ አልተጻፈም። ባለሱቁ ትንሽ ከተንተባተበ በኋላ ተናገረ። ጨርቅ አልተሸጠም። ሰውየው ጻፍልኝ አለው፤ ወደፊት ከድርጅቱ ብዙ ግዢ እንደሚያመጣለት ቃል ገባለት፤ ጻፈለት።

ስንመለስ ኦዲተሯ ሥራ አስኪያጁን ቢሮው ውስጥ በሩን ዘግታ አንድ ሰዓት ያህል አናገረችው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሲወጣ የማንንም ፊት አላየም። በሦስተኛው ቀን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተጠርቶ ሄደ፤ ከሥራ መታገዱን የሚገልጽ ደብዳቤ በር ላይ ተለጠፈ። ከዚህ በፊት በነበረበት ቅርንጫፍ ሳጥን የያዘው ሰው እንደ እኛዋ ስላልነበረ ብዙ ነገር ወጣበት ይባላል። ይህኛውን በወሬ ነው የሰማሁት።

የመተኪያ ጥያቄው በዚያው ሳምንት በሥራ አስኪያጁ ቦታ በተተካው ተወካይ ተፈረመ። ቼኩ ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ ሰባት ብር ከሃምሳ ሆኖ መጣ፤ የሠላሳ አንዱ ማዘዣ ድምርና የጎደለው አርባ ብር። አርባው «የጥሬ ገንዘብ ጉድለት» ተብሎ በስሟ ተመዝግቧል። ሳጥኑ ስምንት ሺህ ሞላ። በማግስቱ መካኒኮቹ ሳሙና አገኙ። ያ በአሸዋው የቀለደው ልጅ ራሱ ሄዶ ገዛ፤ ደረሰኙንም በሁለት እጁ ይዞ መጣ፤ እሷ ቁጥሩን እንጂ ፊቱን አላየችም።

ጎሚስታውን ጠየቀችው። በልጆቹ ማለ፤ አልወሰድኩም አለ። አመነችው። አርባዋ ብር እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

በወሩ መጨረሻ ዋናው መሥሪያ ቤት አብረን ሄድን፤ እኔ የትኬት ሒሳቤን ላስረክብ፣ እሷ ዕዳዋን ልትከፍል። ታሪኩ እዚያም ደርሶ ኖሮ ሰዎች ከየክፍሉ ብቅ እያሉ ያዩዋት ነበር። ዋና ገንዘብ ያዡ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ሁለቱን ሃያ ብር ተቀብለው ደረሰኝ መጻፍ ጀመሩ፤ ወዲያው ብዕራቸው ቆመ።

«አንቺ የዚህን ድርጅት ስንት ብር አዳንሽ! ጉድለት ብዬ መጻፍ ነውር ሆነብኝ። ምክንያቱን ልዩ ልዩ ገቢ ልበለው። ማንም አይጠይቅም።»

ያን ፊቷን አውቀዋለሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሺህ ሲጠይቃት የነበረው ፊት ነው።

«እኔ እጠይቃለሁ» አለች። «ጉድለት ይበሉት።»

«ልጄ፣ ለክብርሽ ብዬ ነው።»

«ክብሬን ለእኔ ይተዉልኝ። የጎደለው ጉድለት ነው። ጉ ይበሉ፣ ከዚያ ድ…»

ሽማግሌው ሳቃቸውን መቆጣጠር እያቃታቸው ጻፉ። እሷ ደረሰኙን ተቀብላ ቀኑን አየች፣ ቁጥሩን አየች፣ አርባውን በአኃዝም በፊደልም አየች፤ ማኅተሙ ስለደበዘዘ እንደገና አስመታች። ከዚያ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና፣ «እንሂድ፣ የአንድ ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጠን» አለችኝ።